ፋቲሓን በቪዲዮ ስናስቀራ



የተከበራችሁ ወላጆችና ኡስታዞች! እዚህ ለገጣፎ ቁርአን ቤት ያልገባ ልጅም ሆነ በቅርቡ የሰለመ ወንድም፣ አንዳንዱ ፋቲሓን የሚጀምረው ከስልክ ቪዲዮ ነው። ቀሪው አንድ መስመር ይላል፣ ዝም ይላል፣ ተማሪው ይደግማል። ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሎህ የቀራን ሁሉ ኡስታዙን ተከትለን ነው ያልነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ያረፉት ሸይኽ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊም ሕፃናት ከኋላ የሚደግሙበት «ሙስሐፍ ሙዐሊም» አላቸው።

ቪዲዮ ስትመርጡ አስቀድማችሁ ዝምታውን ለኩ። ቀሪው መስመሩን በ4 ሰከንድ ካለው፣ ለልጁ 6 ሰከንድ ያህል ይተውለት። ዝምታው ካጠረ ልጁ መጨረሻውን እየዋጠ ወደሚቀጥለው ይሮጣል፤ የዋጠውንም እንደዋጠ ይሸመድደዋል።

ቀጥሎ አቆራረጡን ተመልከቱ። ሰባተኛው አንቀጽ ለሕፃን ትንፋሽ ረጅም ስለሆነ መከፈል አለበት። «አንዐምተ ዐለይሂም» ላይ ቢከፈል መልካም ነው፤ ቢስሚላህን አንድ አንቀጽ አድርገው በማይቆጥሩት የመዲና ሊቃውንት ዘንድ እዚያው ላይ አንቀጽ ያልቃልና። «ሲራጠለዚነ» ብሎ ማቆም ግን «የእነዚያን መንገድ» ብሎ ዝም ማለት ነው፤ የማን እንደሆነ አልተነገረም።

ከሁሉ የሚከፋው ከሥር በፊደላችን የሚጻፈው ንባብ ነው። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለውን ሁለት ዓይነት የምናነበውም ለዚህ ነው። አምስተኛው አንቀጽ ላይ «ኢያከ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ልጁ «ያ»ን አላልቶ ያነባል። በዐረብኛ ግን ሸዳ አለባት። ስትጠብቅ «አንተን ብቻ» ማለት ናት፤ ስትላላ የፀሐይ ብርሃን ወደሚል ሌላ ቃል ትሄዳለች። ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ደግሞ በወረቀት ቢለያዩም በአማርኛ አፍ አንድ ሆነዋል፤ «ሐምድ» የምትለዋ ሐ ከጉሮሮ መሐል እንደምትወጣ ከጽሑፉ የሚያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ ከሥር ዐረብኛው ይጻፍ፤ አማርኛው ወይም ኦሮምኛው ለትርጉም ይሁን።

ቪዲዮ «ለዚነ» ላይ የምላስ ጫፍ በጥርስ መሐል ብቅ ስትል ሊያሳይ ይችላል። ጉሮሮን ግን አያሳይም፤ ከዚያም በላይ ልጁን አይሰማም። «አንዐምተ»ን «አንዐምቱ» ቢል «አንተ የለገስክላቸው» የነበረው «እኔ የለገስኩላቸው» ይሆናል፤ ስልኩም ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። (እንዲህ ያለውን ስሕተት የተጅዊድ ዑለማዎች ለሕን ጀሊይ፣ ግልጽ ስሕተት ይሉታል።)

ስለዚህ ልጁ ቪዲዮውን ሦስት አራት ቀን ከተከተለ በኋላ ስልኩን ዝጉና ብቻውን ይበል። ከዚያም ከመካከል አስጀምሩት፤ «ማሊኪ» ብላችሁ ተዉለት። ከቢስሚላህ ካልተነሣ መቀጠል ካልቻለ የያዘው ዜማውን ነው፤ በዚያች መስመር ላይ ሁለት ቀን ይጨመርለት። እናንተ ራሳችሁ የማትቀሩ ከሆነ፣ ከመግሪብ በኋላ ኡስታዙ ፊት አቅርቡትና ሰባቱን አንቀጽ ያሰማ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።