የፋሲካ ሌሊት ሕመም፦ ቃር ነው ወይስ የሐሞት ጠጠር?

እዚህ ዳላስ ፎርት ዎርዝ በነርስነት ስሠራ ያየሁትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

አንዲት እህታችን 55ቱን ቀን ሁዳዴ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ጾመች። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጥ በልታ ተኛች። ብዙም ሳይቆይ ከቀኝ ጎድኗ ሥር ተነሥቶ ቀኝ ትከሻዋ የሚደርስ ሕመም ቀሰቀሳት። «ጨጓራዬ ነው» ብላ የጨጓራ መድኃኒት ብትወስድም አልተሻላትም። በአልትራሳውንድ ሲታይ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ።

ጥፋቱ የሽሮው ወይም የምስሩ አይደለም፤ ጠጠሩም በአንድ ሌሊት አልተፈጠረም። የሐሞት ከረጢት በደንብ የሚጨመቀው ቅባት ያለው ምግብ ስንበላ ነው። ለረጅም ሰዓት ሳንበላ ስንቆይ ሐሞቱ እዚያው ተጠራቅሞ ይወፍራል። በጾሙ ክብደት ቶሎ ከቀነሰ ደግሞ ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ከዚያ ቅቤ የበዛበት ወጥ ሲመጣ ከረጢቱ ይጨመቅና ጠጠሩ መውጫውን ይዘጋዋል።

ቃር ከዚህ ይለያል። ከደረት አጥንት በስተኋላ ያቃጥላል፣ ስንጋደም ይብሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨጓራ መድኃኒት ይታገሣል።

ስለዚህ ስትገድፉ ቅቤውን ቀንሳችሁ በጥቂቱ ጀምሩ፤ በልታችሁም እስከ ሦስት ሰዓት ያህል አትተኙ። ሕመሙ ለሰዓታት ከዘለቀ፣ ትኩሳት ከተከተለ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን በዓሉ ይለፍ ሳትሉ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።