ካሜራ ሲጠፋ የሚቀለው የማን መስመር ነው?



በኦንላይን ክፍል ውስጥ «ድምፄ ይሰማል?» የሚለውን ጥያቄ ያልሰማ ሰው በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሌሎችን ድምፅ በደንብ ይሰማል፤ ተቆራርጦ የሚደርሰው የእርሱ ነው። መስመሩ ለመቀበልና ለመላክ የተለያየ ስፋት ስላለው ነው። በስልክ ሽቦ ወደ ቤት የሚገባው የኤዲኤስኤል መስመር፣ መላኪያው ከመቀበያው እጅግ የጠበበ ነው። «ባለ 4 ሜጋቢት መስመር አለኝ» ስንል የምንናገረው ስለ መቀበያው ነው፤ መላኪያው 512 ኪሎቢት በሴኮንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዛሬውን ስሌት በዚህ መስመር ላይ እንሥራ።

ዙም ራሱ ባወጣው መመዘኛ መሠረት ለድምፅ ብቻ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት በሴኮንድ ይበቃል፤ የተናጋሪው ምስል የሌለበት ስላይድ ለማጋራት ከ50 እስከ 75 ኪሎቢት ይፈለጋል። በቡድን ውይይት ጥራት ያለው ምስል ለመላክ ግን 1 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሊያስደንቀን አይገባም። ስላይድ እስኪቀየር ድረስ ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ አዲስ የሚላክ ነገር እምብዛም የለም። ፊት ግን ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፣ ከጀርባው ያለው መጋረጃም በነፋስ ይወዛወዛል፤ ይህ ሁሉ በየቅጽበቱ ተሰልቶ መላክ አለበት።

እንግዲህ ተማሪው በ512 ኪሎቢት መላኪያ ካሜራውን ቢከፍት ምን ይሆናል? ፕሮግራሙ መስመሩ መጥበቡን ሲያውቅ የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። እስኪያውቅ ድረስ ግን የተረፈው መረጃ በቤት ውስጥ ባለው ራውተር ተሰልፎ ይጠብቃል። የራውተሩ ማቆያ 128 ኪሎባይት ይይዛል እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 1024 ኪሎቢት ነው፤ ማቆያው ከሞላ በ512 ኪሎቢት ፍጥነት ለመውጣት 2 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ድምፁ ትንሽ ቢሆንም ከምስሉ ኋላ ተሰልፎ እነዚህን 2 ሴኮንዶች ይጠብቃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለውይይት የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሴኮንድ ያልበለጠ ነው። ተማሪው «አቤት» ሲል መምህሩ ወደ ሌላ ተማሪ ካለፉ በኋላ የሚሰማው በዚህ የተነሳ ነው። ካሜራው ሲጠፋ ግን ከ512ቱ ኪሎቢት 80 ያህሉ ብቻ ይያዛል፤ ሰልፍም አይፈጠርም።

ይህን በራሳችሁ መስመር ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ክፍል ውስጥ ሳላችሁ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ይህን ጻፉ፦

```
ping -t 8.8.8.8
```

በመጀመሪያ ካሜራውን አጥፍታችሁ፣ ቀጥሎም ከፍታችሁ በሚሊሴኮንድ የሚታየውን ቁጥር ተመልከቱ። ካሜራው ሲከፈት ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ካደገ፣ ሲጠፋም ተመልሶ ከወረደ፣ ችግሩ የመላኪያው ጥበት ነው። ካሜራው ጠፍቶም ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ርቆ በግድግዳ ማዶ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ያን ጊዜ ካሜራ ማጥፋት እምብዛም አይፈውስም፤ ወደ ራውተሩ መጠጋት ይሻላል።

አሁን ወደ መቀበያው እንለፍ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የእኔን ካሜራ ማጥፋቴ የምቀበለውን መጠን አይቀንስልኝም። ሰርቨሩ የተሳታፊዎቹን ምስሎች አዋሕዶ አንድ አያደርጋቸውም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ያስተላልፋል። 25 ፊቶች በአንድ ገጽ ሲታዩ ዙም የሚጠይቀው 2 ሜጋቢት በሴኮንድ ነው። በ90 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ 1.35 ጊጋባይት ይሆናል። ድምፅና ስላይድ ብቻ በ150 ኪሎቢት ቢቆጠሩ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሞባይል ጥቅል ለሚማር ተማሪ ይህ ልዩነት የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ያንን ጥቅል የሚያተርፍለትም የራሱ ሳይሆን የክፍል ጓደኞቹ ካሜራ መጥፋት ነው። ጓደኞቹ ባያጠፉ እንኳ በዙም Stop Incoming Video የሚለውን በመምረጥ የሌሎችን ምስል ራሱ ማስቆም ይችላል።

ስለዚህ «ሁላችሁም ካሜራ ክፈቱ» የሚል መምህር ሸክሙን በአንድ ተማሪ ላይ ብቻ የጫነ አይምሰለው፤ እያንዳንዱ የተከፈተ ካሜራ ወደ ሌሎቹ ሁሉ ይሄዳል። የመምህሩ ካሜራ በመግቢያው ቢከፈት፣ ስላይዱ ሲጀመር ቢዘጋ፣ ተማሪም ጽሑፉን ሲያቀርብ ለዚያ ጊዜ ብቻ ቢከፍት ተመጣጣኝ ይመስለኛል። በምልክት ቋንቋ የሚማር ተማሪ ባለበት ክፍል ግን የአስተርጓሚው ካሜራ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ መከፈት አለበት፤ ተማሪው ሲጠይቅም የእርሱ ካሜራ እንዲሁ። የጣቶች እንቅስቃሴ ምስሉ ሲደበዝዝ ወይም ሲቆራረጥ አይነበብም፤ የሌሎቻችን ካሜራ ቢጠፋ ግን መስመሩ ለዚያ ምስል ይቀራል።