ከመቶኛው በፊት ረቂቁ ይጠየቅ



ዲስሌክሲያ ያለበት ተማሪ ሐሳብ አያንሰውም። የሚከብደው የቃልን ድምፅ ከፊደሉ ማዛመዱ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር፣ ቀጣዩን ቃል የሚጠቁም፣ ፊደል የሚያርም ሶፍትዌር ሊፈቀድለት ይችላል። ጣጣው የሚጀምረው ያንኑ ጽሑፍ ማሽን ጽፎት እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ሶፍትዌር ሲመረምረው ነው።

መርማሪው ማን እንደጻፈ አያይም። በአብዛኛው የሚለካው ቃላቱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመቱ ነው፤ የሚጠበቁ ቃላት ከበዙ «ማሽን ጻፈው» ወደ ማለት ያደላል። የቃል ጠቋሚ ሥራ ደግሞ የሚጠበቀውን ቃል ማቀበል ነው። አንዱ ያቀበለውን ሌላው ይከሳል።

ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 የተርኒቲንን መርማሪ ሲያጠፋ ያቀረበው ስሌት ቀላል ነበር። በ2022 ለተርኒቲን 75,000 ጽሑፎች አስገብቷል። መርማሪው ያኔ ቢኖርና ኩባንያው ያመነውን አንድ በመቶ ስሕተት ብንወስድ እንኳ ወደ 750 ጽሑፎች ያለ ጥፋት ሊከሰሱ ይችሉ ነበር።

አሁን አንዲት ተማሪ ተከሰሰች እንበል። መምህሯ የሰነዱን የለውጥ ታሪክ ከፍቶ 400 ቃላት በአንድ ጊዜ ዱብ ሲሉ ያያል። «ገልብጣ ለጠፈች» ይላል። እሷ ግን በስልኳ ተናግራ ነው ያመጣችው። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶ ክፍል ውስጥ ያስጽፋታል። የተገኘው በፊደል ግድፈት የተሞላ ነው፤ ልዩነቱን ማስረጃ ያደርገዋል። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ይህን ፈተና ነው፤ የለካው ዲስሌክሲያዋን ብቻ ነውና።

ምን ይሻል ነበር? እሷ በቀጥታ ሰነዱ ውስጥ ብትናገር፣ ካልሆነም የድምፅ ቅጂውንና ያልታረመውን ረቂቅ ብታስቀር፤ ጥሬው ንግግር ከነመደነቃቀፉ መርማሪው ከሚሰጠው ከየትኛውም መቶኛ ይልቅ ይመሰክርላታል። መምህሩም ጮክ ብላ እንድታነብ ሳያዝዝ፣ ይህን ምንጭ ለምን እንደመረጠች፣ የትኛውን ሐሳብ እንደጣለች ቢያወያያት። የራሷ ሥራ ከሆነ ስትናገር ይታወቃል።

መርማሪው ሁልጊዜ ይሳሳታል ግን አልልም። ዛሬ ፊደል የሚያርሙት ፕሮግራሞች አንቀጹን እንዳለ እንደ አዲስ የሚጽፍ ቁልፍም አላቸው። እሱን የተጫነ ተማሪ ማሽን አስጽፏል። ስለዚህ ከአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ የሚሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ የሶፍትዌሩን ስም ብቻ ሳይሆን የተፈቀደውን ተግባር ይዘርዝር፦ ፊደል ማረም ይፈቀዳል፣ እንደ አዲስ መጻፍ አይፈቀድም። ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው መምህሩ እጅ ከገባ በኋላ ላለው ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አያድንም። በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ይሰጥ።