በመዳፍ ላይ የሚጻፍ ፊደል

ዛሬ የምንነጋገረው ዓይናቸውም ጆሯቸውም ስለማይሠራላቸው ወገኖቻችን ነው።

ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ የሚኖሩ እናት አሉ እንበል። ፊደል የቆጠሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ ወጣት ነበሩ። ኋላ ጆሯቸው እየደከመ ሄዶ ጭራሽ ተዘጋ። ቀጥሎ ትራኮማ ዓይናቸውን አጠፋው። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። የዓይን ሞራ ግን ሌላ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አሳዩ።

እኚህ እናት አንደበታቸው ደህና ነው። «ማነው የመጣው?» ብለው ይጠይቃሉ። ቤተሰቡም ጮክ ብሎ ይመልሳል። እሳቸው አይሰሙም። ደግመው ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ እሳቸውም መደብ ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ።

ታዲያ በምን እንንገራቸው? በሚያውቁት ፊደል!

ከጎናቸው ተቀመጡ። ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ፊደሉ ይገለበጥባቸዋል። መዳፋቸውን ዘርጉና በጠቋሚ ጣታችሁ አንድ ፊደል ጻፉ። ፊደሉ መዳፉን የሚሞላ ይሁን። ቀጣዩንም እዚያው ቦታ ላይ ጻፉት፤ ወደ ጎን አትሂዱ። ቃሉ ሲያልቅ መዳፋቸውን በእጃችሁ ጠረግ አድርጉ። የእኛ ፊደል አንድ ችግር አለው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በአንዲት አጭር መስመር ነው። በ«ቡ» መስመሯ እግሩ መካከል ላይ ናት፤ በ«ቢ» ግን ከእግሩ ሥር ናት። ስለዚህ መጀመሪያ «በ»ን ጻፉ፤ ቆም በሉ፤ ከዚያ መስመሯን ለብቻዋ ጫን አድርጋችሁ ጨምሩ። እሳቸው የገባቸውን በቃል ይናገራሉ። ልክ ከሆነ መዳፋቸውን አንዴ መታ አድርጉ፤ ካልሆነ ጠርጉና ድገሙ። «ቡና» ለማለት መጀመሪያ ጊዜ ይወስዳል፤ ከለመዱት በኋላ ይፈጥናል።

ፊደል ላልተማረ ሰው ይህ አይሆንም። ለእሱ ዕቃውን እጁ ላይ ማስያዝ ነው፤ ሲኒ ካስያዛችሁት «ቡና ደረሰ» ማለት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ያደገ ሰው ደግሞ እጁን በተናጋሪው እጅ ላይ አድርጎ ምልክቱን በመዳሰስ ያነባል።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ። የልጅ ልጃቸው ቡና ሊያስቀዱ ነው እንበል። ልጁ በድንገት እጃቸውን አይያዝም። በመጀመሪያ ክንዳቸውን በቀስታ ይነካል። ከዚያ ስሙን ይነግራል፤ የእሱ ስም አንጓቸው ላይ ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ ነው። ይህን ምልክት በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መጠቀም የለበትም። ሁለት ሰው አንድ ምልክት ከያዘ ማን እንደመጣ አይታወቅም።

ቀጥሎ እጁን ከእጃቸው ሥር ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ ጨምድዶ ይጎትታል። ከላይ የተያዘ እጅ መዳሰስ አይችልም። እጃቸው ከደረቀ ወይም ወደ ኋላ ከሳቡት «ተወኝ» ማለታቸው ነውና ቆም ይበል። እጃቸው በእሱ እጅ ላይ ተቀምጦ ወደ ረከቦቱ ጠርዝ፣ ወደ ሲኒዎቹ፣ ከዚያም ወደ ጀበናው እጀታ ይሄዳል። ሲደርሱ እሱ እጁን ቀስ ብሎ ያወጣል፤ ዕቃውን እሳቸው ይይዛሉ። ጀበናው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ አፉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ ይቀመጥ። መቅዳቱን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ መጀመር ይሻላል። ሲኒው ሲሞላ ጣታቸው ጠርዙ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። በትኩስ ቡና ግን ጣት አይገባም፤ ልጁ ሲኒው ሊሞላ ሲል ክንዳቸውን መታ ያደርጋል። ፍሙን የሚይዘው እሱ ነው።

ቡሬ ገበያ ሲወርዱም እንዲሁ ነው። ልጁ ከኋላ ሆኖ አይገፋቸውም። እሳቸው ክርኑን ይይዛሉ፤ እሱ ግማሽ እርምጃ ይቀድማል። መንገዱ ሲጠብ ክንዱን ወደ ጀርባው ያዞራል፤ እሳቸውም ከኋላው ይሆናሉ። ቦይ ሲያጋጥም ፈጽሞ ይቆማል፤ ቀድሞ ይሻገርና እግራቸው የት እንደሚያርፍ ያሳያቸዋል። በእኛ ጭቃማ የክረምት መንገድ ይህ አድካሚ ነው፤ ቶሎ እንድረስ ማለት አይቻልም።

ጨው ሊገዛ ዞር ማለት ካለበት መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ «መጣሁ» ብሎ ይጻፍ። ከዚያ እጃቸውን ግድግዳ ወይም አጥር ያስይዝ። በሜዳ መካከል ባዶ እጃቸውን ከተዋቸው ልጁ አጠገባቸው ይኑር፣ ይሂድ አያውቁም። ሲመለስም አንጓቸውን ሁለት ጊዜ መታ ያደርጋል።