በተረኝነት ሰዓት የሚደረስ ጸሎት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደ አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካና መኖሪያ በተጎራበቱበት ሰፈር የምናገለግል ነርሶች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን እንሠራለን። ለጸሎት የተለየ ስፍራ በሌለበት ሠራተኛው ወደ አንሶላ ማስቀመጫው ሹልክ ብሎ ይገባል፤ በዚያች ደቂቃ በሽተኛ ቢጣራ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጸሎት ከሰው ዓይን ገለል ይበል እንጂ ከባልደረባ አይሰወር እላለሁ።

አንዲት ሙስሊም ነርስ በቀን ተረኛ ናት እንበል። በአዲስ አበባ የዙህር ሶላት ጊዜ እንደየወሩ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው መካከል ይገባና ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆያል። ሶላቱ ራሱ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። እንግዲህ የ6 ሰዓቱን መድኃኒት አድላ፣ በሽተኞቿን ለባልደረባዋ አደራ ብላ መሄድ ትችላለች። የሚያስቸግረው መግሪብ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይበልጥ ያልፋል፣ ከምሽቱ የሥራ ርክክብም ጋር ይጋጫል። ርክክቡን ጨርሳ ወዲያው ብትሰግድ ሁለቱም ይሟላሉ።

ውዱእን በተመለከተ፣ እግርን በእጅ መታጠቢያ ገንዳ ማጠብ ገንዳውን ይበክላል፤ ወለሉንም አርጥቦ ሰው ያንሸራትታል። ጆግና ሳፋ ይበቃል። በተሟላ ውዱእ ላይ ኹፍ የተባለውን የቆዳ ካልሲ ያጠለቀች ደግሞ፣ በከተማዋ እስካለች ድረስ ለአንድ ቀንና ሌሊት እግሯን ሳታጥብ በላዩ ላይ ማበስ ይፈቀድላታል።

ቂብላው ከአቃቂ ሲታይ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ነው። ኦርቶዶክሱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል። ስለዚህ አንዲት ንጹሕ ጥግ ለሁለቱም ትበቃለች፤ በሰጋጁ ፊት ወንበር ቢቀመጥ አላፊው ከወንበሩ ወዲያ ያልፋል። ኮሪደሩና የበር ኋላ ግን የቃሬዛ መንገድ ናቸውና አይሆኑም። ጧፍና ዕጣንም ኦክስጅን ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይለኮሱም።

አልጋ የያዘ በሽተኛ መቆም ካቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ካቃተው ተኝቶ በምልክት መስገድ ይችላል። ውኃ የሚጎዳው ከሆነ በንጹሕ አፈር ተየሙም ያደርጋል። ከእኛ የሚጠበቀው፣ የሚያጣድፍ ነገር ከሌለ የደም ግፊት ልኬቱን ለጥቂት ደቂቃ ማዘግየትና መጋረጃውን መሳብ ነው።

የሚያጣድፍ ነገር ሲመጣስ? የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሶላትን ማቋረጥ በእስልምና ሕግ ግዴታ ነው፤ በኋላ እንደገና ይሰገዳል። ስለዚህ የምትሰግደውን ባልደረባችንን ለመጥራት አንፈር፤ እርሷም የት እንዳለች ሳትነግረን አትሂድ።