ስለ ቂጥኝ በሽታና ስለ ሁለቱ የደም ምርመራዎች



ዛሬ የምንነጋገርበት በሽታ ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ቂጥኝ ነው። እኔ ግን ኀፍረቱን ወደ ጎን ትቼ፥ ከላቦራቶሪ በሚሰጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት ምክንያት ስለሚደርሰው ስሕተት ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ዕድሜው 35 ዓመት የሆነ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በምሳሌነት እናስብ። ከስድስት ወር በፊት በብልቱ ላይ ጠርዙ ጠንከር ያለ አንድ ቁስል ወጥቶበት ነበር። ስላላመመው ችላ አለው፤ በአንድ ወር ውስጥም ያለ መድኃኒት ደረቀ። ቈይቶ ደግሞ የእጁን መዳፍና የእግሩን ውስጥ ጭምር የማያሳክክ ሽፍታ ወረሰው፤ ይህም በራሱ ጊዜ ጠፋ። ጸሐፊውም ተፈወስሁ ብሎ አሰበ። ነገር ግን ቁስሉ የበሽታው አንደኛ ደረጃ፥ ሽፍታውም ሁለተኛ ደረጃ ነበር። አሁን ያለበት ምልክት የማይታይበት ስውሩ ደረጃ ነው። ትሪፖኔማ ፓሊዱም የሚባለው ጠመዝማዛ ተሐዋሲ በሥጋው ውስጥ አድፍጦአል። ሳይታከም ቢቀር ከብዙ ዓመታት በኋላ ከልብ የሚወጣውን ታላቁን የደም ሥር፥ ወይም አጥንትን፥ ወይም አንጎልን ሊያበላሽ ይችላል።

ይህ ሰው ሊያገባ ነውና ከእጮኛው ጋር ደሙን ለማስመርመር ሄደ። ምርመራው ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው፥ ማለት ቲፒኤችኤንና እርሱን የመሰሉት፥ ሰውነት በራሱ በተሐዋሲው ላይ ያወጣውን መከላከያ ይፈልጋል። ሁለተኛው፥ ማለት ቪዲአርኤል ወይም አርፒአር፥ በሽታው ሥጋን ሲጎዳ ስብ በመሰለ ነገር ላይ የሚወጣውን መከላከያ ይፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ከቂጥኝ ሌላ በእርግዝና፥ በወባና በሌሎችም ሕመሞች ምክንያት ሊሳሳት ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ሁለቱም የጸሐፊውን ደም «አለበት» አሉ፤ በአርፒአር ወረቀት ላይም 1:32 የሚል ቍጥር ተጻፈ። ትርጓሜውም የደሙ ውኃ ሠላሳ ሁለት እጥፍ ቀጥኖም ቢሆን ምልክት አሳይቶአል ማለት ነው።

ሕመሙ ከያዘው ዓመት ስላልሞላው ሐኪሙ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለሁለት ከፍሎ በሁለቱ መቀመጫዎቹ ወጋው፤ አንድ ጊዜም በቃው። የያዘበት ጊዜ ባይታወቅ ኖሮ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፥ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ይወጋ ነበር። በዚያው ሌሊት ትኵሳትና ራስ ምታት ተነሣበት። ይህ ብዙዎች መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብለው የሚሸሹበት ነገር ነው፤ ነገር ግን ተሐዋሲው ሲሞት የሚመጣ ነው፥ በአንድ ቀን ውስጥም ያልፋል። እጮኛውም በሐኪም ታይታ ታከመች።

በስድስተኛው ወር ቍጥሩ 1:8 ሆነ። ከ1:32 ወደ 1:8 መውረድ አራት እጥፍ መቀነስ ነውና ሕክምናው መሥራቱን ያስረዳል። 1:16 ቢሆን ኖሮ ምንም አያረጋግጥም፤ በአንድ ደረጃ መለዋወጥ የምርመራው ጠባይ ነውና። ስለዚህም በዚያው ላቦራቶሪ፥ በዚያው ዐይነት ምርመራ መመላለስ ያስፈልጋል።

ዋናው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጸሐፊው ለሌላ ጉዳይ ደሙን ሲሰጥ፥ አዲሱ ላቦራቶሪ የተሐዋሲውን መከላከያ ብቻ መርምሮ «ቂጥኝ አለበት» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው ደነገጠ፥ ሚስቱንም ጠረጠረ። ያ ምርመራ ግን አንድ ጊዜ ምልክት ካሳየ፥ ሰው ቢድንም እንኳ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አይጠፋም። ሐኪሙ የድሮውን ወረቀት አስመጥቶ አርፒአር አሠራ፤ ቍጥሩ 1:2 ነበር፤ ስለዚህ አልወጋውም። ከ1:8 ወደ 1:32 ወይም ከዚያ በላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ መያዙ ይጠረጠር ነበር። የድሮ ወረቀቱን ያልጠበቀ ሰው ግን ያለ ምክንያት ይወጋል፥ ትዳሩም ይታወካል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ተሐዋሲው ወደ አንጎልና ወደ ነርቭ የሚገባው በመጨረሻው ደረጃ ብቻ አይደለም፤ በማናቸውም ደረጃ ሊገባ ይችላል። የታወቀ ቂጥኝ ያለበት ሰው ዐይኑ ድንገት ቢፈዝበት፥ ጆሮው ቢደነቍርበት፥ ፊቱ ቢጣመምበት ወይም አእምሮው ቢለዋወጥበት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለበት። ሐኪሙ የኅብለ ሰረሰሩን ፈሳሽ በመርፌ ከወገቡ ቀድቶ ያስመረምራል። በፈሳሹ የሚሠራው ቪዲአርኤል «አለ» ካለ እጅግ የታመነ ነው፤ «የለም» ቢል ግን በሽተኛውን ነጻ አያወጣም፥ የነጭ ሕዋሶቹና የፕሮቲኑ መጠንም ይታያል። ለዚህ ሕመም የመቀመጫው መርፌ አይበቃም፤ ቤንዛቲን ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ወደ ኅብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ በቂ ሆኖ አይደርስም። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ፔኒሲሊን ጂ ነው፤ በየአራት ሰዓቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዩኒት፥ ከ10 እስከ 14 ቀን፥ ሌሊቱም ሳይዘለል ይሰጣል። ተሐዋሲው በዚህ ይጠፋል፤ አስቀድሞ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም፤ ዐይኑ የፈዘዘበትን ሰው «ከበዓል በኋላ ተመለስ» ማለት የማይገባውም ስለዚህ ነው።