ለፋሲካ ሰሞን ስንት ሰው እናሰማራ?

ዛሬ የምንነጋገረው በሰሙነ ሕማማት ቁጠባ ለማውጣት ስለሚመጡ እናቶችና እኅቶች ነው። ከስማዳም ሆነ ከእስቴ በእግሯ የመጣች እናት ተራ ሳይደርሳት ከመሸ፣ የቅርጫውን ገንዘብ ሳትይዝ ትመለሳለች። ሰው አብዝተን ብናስቀምጥ ደግሞ አበሉ የሚወጣው ከራሳችን ሣጥን ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገንን የሰው ቁጥር ከመዝገባችን አስልተን እናውጣ።

መጀመሪያ መዝገቡን በወርና በቀን አናመሳክር። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ፤ በ2018 የሚውለው ሚያዝያ 4 ነው። የዘንድሮው ሰሙነ ሕማማት መጋቢት 28 ይገባል። የ2016ን መጋቢት መጨረሻ ገልጠን ብናይ ግን ገና የጾሙ መካከል ስለነበር፣ የምናገኘው የተለመደውን ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ሕማማትን ከሕማማት ጋር እናስተያይ።

ቀጥሎ የምንቆጥረው ብሩን ሳይሆን የተስተናጋጁን ብዛት ነው። ሁለት መቶ ብር መክፈልም ሁለት ሺህ መክፈልም የሚወስደው ጊዜ ያው ነውና። አባላት በየዓመቱ ስለሚጨምሩም ከመቶ አባል ስንቱ እንደመጣ እናውጣ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በ2016 ከ300 አባላት 180፣ በ2017 ከ340 አባላት 221 መጡ እንበል። ከመቶው 60 እና 65 ማለት ነው። ዘንድሮ አባላቱ 400 ቢሆኑ፣ በከፍተኛው ብንይዝ 260 ሰው እንጠብቃለን። ደብተር ማመሳከሩ፣ ገንዘብ መቁጠሩና ማስፈረሙ ለአንድ ሰው 8 ደቂቃ ቢወስድ 2,080 ደቂቃ ይሆናል። ስቅለት ስለሚዘጋ የሥራው ቀን አራት ነው። አንዲት ሠራተኛ በቀን 300 ደቂቃ ብታስተናግድ በአራት ቀን 1,200 ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ሠራተኛ ይበቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን፤ ሰው በአራቱ ቀን እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። ከመቶው 40 በገበያ ቀን ከመጣ፣ በዚያ ቀን 104 ሰው፣ 832 ደቂቃ ሥራ ይጠብቀናል። ለዚህ ሦስት ሠራተኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስተኛዋን ለገበያው ቀን ብቻ እንጥራ፤ ሥራውን ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ትለማመድ።

መዝገቡ የማይነግረንም አለ። የሚጻፈው የተስተናገደው ብቻ ነው፤ ሳይስተናገድ የተመለሰው አይታይበትም። ባለፈው ዓመት በገበያው ቀን እስከ መዝጊያ ሰዓት ሰልፍ ከነበረ፣ ቁጥሩ የሚያሳየው የሠራተኞቹን አቅም እንጂ የመጣውን ሰው ብዛት አይደለም። መንገድ የተዘጋበት ዓመት ቁጥርም ለብቻው ይታይ እንጂ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅ።

ስለዚህ ዘንድሮ በር ላይ የምትቀመጥ አንዲት እኅት የሚመጣውንም ሳይስተናገድ የሚመለሰውንም በየሰዓቱ ትመዝግብ። ለከርሞ ስሌታችን የሚነሣው ከዚያ ወረቀት ነው።